ወደ ጁፒተር የተላከችው መንኮራኩር ለምን ወደ ምድር ተመለሰች?

ከጥቂት ጊዜ በፊት በስልክ መስመራችን አንዲት እናት ከገዴራ ደወሉልን። «ጋሼ፣ ልጄ አንድ ነገር ጠይቆኝ መልስ አጣሁለት» አሉ። «ወደ ጁፒተር ተላከች የተባለችው መንኮራኩር ከዓመት ከአራት ወር በኋላ ተመልሳ በምድር አጠገብ አለፈች ይላል። መንገድ ጠፍቷት ነው ወይ?»

በአየር ላይ የነበረኝ ጊዜ ሦስት ደቂቃ ብቻ ነበር። «አልጠፋችም፣ ሆን ተብሎ ነው» ብዬ ዘፈን አስገባሁ። ቤት ስገባ ግን መልሴ እኔኑ አላረካኝም። ብዙ ዓመት ጥቁር ሰሌዳ ፊት የቆመ ሰው «ሆን ተብሎ ነው» የሚለው መልስ መልስ አለመሆኑን ያውቃል። ልጁ የሚፈልገው «እንዴት» የሚለውን ነው። ስለዚህ ዛሬ ጊዜ ወስደን እንየው።

መንኮራኩሯ ጁስ ትባላለች። ስሟ ከምንጠጣው ጁስ ጋር ቢመሳሰልም የረጅም ስም ምህጻር ነው፤ የጁፒተርን በረዷማ ጨረቃዎች የምትመረምር ማለት ነው። የላካት የአውሮፓ የጠፈር ድርጅት ሲሆን፣ ኤፕሪል 14 ቀን 2023 በአሪያን 5 ሮኬት ከፈረንሳይ ጉያና ተነሳች። እኛንም ትነካናለች። ከገዴራና ከያብኔ ቅርብ በሆነችው ረሆቦት የሚገኘው የዋይዝማን ተቋም፣ በፕሮፌሰር ዮሃይ ካስፒ መሪነት፣ በመንኮራኩሯ ላይ የእስራኤልን መሣሪያ አስጭኗል። መሣሪያው ጊዜን እጅግ በትክክል የሚቆጥር ሰዓት ነው ማለት ይቻላል። መንኮራኩሯ ወደ ምድር የምትልከው የሬዲዮ ሞገድ የጁፒተርን ከባቢ አየር ሰንጥቆ ሲያልፍ ምን ያህል እንደተለወጠ ለመለካት ይረዳል።

ስንቅ ስንቅን ይበላል

ከሰሜን ኢትዮጵያ በእግራቸው ወደ ሱዳን የወጡ ወላጆቻችን አንድ ነገር ጠንቅቀው ያውቃሉ። ሰው ለሩቅ መንገድ ብዙ ስንቅ ልያዝ ካለ ሸክሙ ይከብደዋል። ሸክሙ ሲከብደው ቶሎ ይደክማል፣ ቶሎ ይርበዋል፣ ስንቁንም ቶሎ ይጨርሳል። አህያ ልጨምር ቢል አህያዋም ትበላለች። መንገዱ ሁለት እጥፍ ሲረዝም የሚያስፈልገው ስንቅ ሁለት እጥፍ ብቻ አይሆንም፤ ከዚያ በላይ ነው።

የሮኬት ነዳጅም እንዲሁ ነው። መንኮራኩር ፍጥነቷን የምትጨምረው ነዳጇን አቃጥላ ጋዙን ወደ ኋላ በመወርወር ነው። ነገር ግን መጨረሻ ላይ የምታቃጥለውን ነዳጅ እስከዚያ ድረስ መሸከም አለባት፤ እሱን ለመሸከም ደግሞ ሌላ ነዳጅ ያስፈልጋል። የአውሮፓ የጠፈር ድርጅት እንዳሰላው ጁስ በቀጥታ ወደ ጁፒተር ልሂድ ብትል 60,000 ኪሎ ነዳጅ በሆዷ መያዝ ነበረባት። እዚያ ስትደርስ ለመቆም የሚያስፈልጋት ነዳጅ ደግሞ ከዚህ ውጭ ነው። ጁስ ስትነሳ ግን ከነነዳጇ ጠቅላላ ክብደቷ ወደ 6,000 ኪሎ ብቻ ነበር። ያንን ሁሉ ነዳጅ ተሸክሞ የሚወጣ ሮኬት አልነበረም።

እንግዲህ ሁለት ምርጫ አለ፤ መቅረት፣ ወይም በመንገድ ላይ ስንቅ ማግኘት። ጁስ ሁለተኛውን መረጠች።

በሰማይ ቀጥ ያለ መንገድ የለም

ብዙዎቻችን መንኮራኩር ስንል ሞተሯን አስነስታ እንደ አውቶቡስ እየነዳች የምትሄድ ይመስለናል። እውነቱ ሌላ ነው። ሞተሩ የሚሠራው ለጥቂት ደቂቃዎች ነው፤ ከዚያ በኋላ ለወራትና ለዓመታት ጠፍቶ መንኮራኩሯ በፀሐይ ስበት እየተመራች ትንሳፈፋለች። እንደተወረወረ ድንጋይ ማለት ነው፤ ከእጅ ከወጣ በኋላ መንገዱን የሚወስነው የተወረወረበት ፍጥነትና አቅጣጫ ነው።

አሁን አንድ ትልቅ ነገር ልብ እንበል። እኛ ቂርያት መላኪ ተቀምጠን ቡና ስንጠጣ ቆመናል ብለን እናስባለን። ነገር ግን ምድር ከነቡናችን ፀሐይን በሰከንድ ወደ 30 ኪሎሜትር ፍጥነት ትዞራለች። ከምድር የምትነሳ መንኮራኩር ይህን ፍጥነት በነጻ ይዛ ነው የምትወጣው። በምድር ጉዞ አቅጣጫ ፍጥነት ከጨመረች መንገዷ ከምድር ምህዋር ወደ ውጭ ይለጠጥና ሞላላ ይሆናል። ፍጥነት ከቀነሰች ደግሞ ወደ ውስጥ፣ ወደ ፀሐይ በኩል ትወድቃለች።

የሞላላው አንዱ ጫፍ የምድርን መንገድ፣ ሌላው ጫፍ የምንሄድበትን ፕላኔት መንገድ እንዲነካ ካደረግነው ግማሹ ሞላላ ድልድይ ሆነልን ማለት ነው። ይህን የመሸጋገሪያ ምህዋር ቫልተር ሆማን የተባለ ጀርመናዊ መሐንዲስ በ1925 ባሳተመው መጽሐፍ አስልቶ አሳየ፤ ያን ጊዜ ወደ ጠፈር የወጣ አንድም ነገር አልነበረም። በዚህ ድልድይ ወደ ጁፒተር ለመሄድ ከምድር ፍጥነት ላይ በሰከንድ ወደ 9 ኪሎሜትር መጨመር ያስፈልጋል፤ ጉዞውም ሁለት ዓመት ከዘጠኝ ወር ገደማ ይፈጃል። መንኮራኩሯ ጫፉ ላይ ስትደርስ ጁፒተርም እዚያው መድረስ አለበት፤ አለበለዚያ ባዶ ሜዳ ላይ ነው የምትደርሰው። ለዚህ ነው መነሻ ቀን እንደፈለጉ የማይመረጠው።

ዘጠኝ ኪሎሜትር ትንሽ ትመስል ይሆናል። ከላይ ስለ ስንቅ ያልነውን ግን አስታውሱ። ለስድስት ሺህ ኪሎ መንኮራኩር ይህ ከአቅም በላይ ነው። ስለዚህ የጎደለው ፍጥነት ከሌላ ቦታ መምጣት አለበት።

በባቡር ውስጥ የሚሄደው ሰው

ለዚህ ከያብኔ ባቡር ጣቢያ የተሻለ ጥቁር ሰሌዳ አላገኘሁም። እርስዎ መድረኩ ላይ ቆመዋል እንበል። ባቡሩ ሳይቆም በሰዓት 100 ኪሎሜትር ያልፋል። ውስጡ አንድ ሰው በሰዓት 5 ኪሎሜትር እየተራመደ ወደ ባቡሩ ጅራት ይሄዳል። ለእርስዎ የዚያ ሰው ፍጥነት ስንት ነው? ባቡሩ 100 ወደ ፊት ሲወስደው እሱ 5 ወደ ኋላ ይመለሳል፤ ስለዚህ 95 ነው።

ሰውየው ዞር ይልና በዚያው እርምጃ፣ ምንም ሳይፈጥን፣ ወደ ባቡሩ ራስ መሄድ ይጀምራል። አሁን ለእርስዎ 105 ሆነ። በሰዓት 10 ኪሎሜትር አተረፈ። በባቡሩ ውስጥ የተቀመጡትን ብንጠይቅ ግን «ሰውየው አልፈጠነም፣ ዞረ እንጂ» ይሉናል። ሁለቱም ልክ ናቸው። ሰውየው ያገኘው ፍጥነት ከባቡሩ የመጣ ነው። ሲዞር ወለሉን በእግሩ ወደ ኋላ ገፍቶታል፤ ባቡሩም ማንም ሊለካው በማይችል መጠን ዘግይቷል።

አሁን ባቡሩን በፕላኔት፣ ሰውየውን በመንኮራኩር ተኩት። መንኮራኩሯ ወደ ፕላኔቷ ስትቀርብ ስበቱ መንገዷን ያጎብጠዋል፤ ወለል ባይኖርም የምትዞረው በዚህ ነው። ፕላኔቷ ላይ ለቆመ ሰው መንኮራኩሯ የመጣችበትና የሄደችበት ፍጥነት እኩል ነው፤ የተለወጠው አቅጣጫዋ ብቻ ነው። ፀሐይ ላይ ሆኖ ለሚያይ ግን ፕላኔቷ ራሷ ስለምትሮጥ ልዩነቱ ትልቅ ነው።

እዚህ ላይ ተማሪዎቼ የሚሳሳቱት አንድ ነገር ነበር። «ፕላኔቷ ስለምትስባት ነው የምትፈጥነው» ይላሉ። ይህ ብቻውን አይበቃም። ሸለቆ ውስጥ ቁልቁል የተንከባለለ ኳስ ይፈጥናል፤ በወዲያኛው በኩል ሽቅብ ሲወጣ ግን ያገኘውን ይመልሳል። መንኮራኩሯም ወደ ፕላኔቷ ስትወድቅ ያገኘችውን ፍጥነት ስትርቅ ትመልሳለች። የማትመልሰው ከፕላኔቷ ሩጫ ያገኘችውን ድርሻ ነው። ፕላኔቷ ቆማ ቢሆን ኖሮ ትርፍ አይኖርም ነበር።

ነገሩ ተገላቢጦሽም አለው። ሰውየው መጀመሪያ ወደ ባቡሩ ራስ ሲሄድ ቆይቶ ወደ ጅራቱ ቢዞር 10 ኪሎሜትር ይከስራል። መንኮራኩርም ከፕላኔቷ ጀርባ ካለፈች ፍጥነት ታተርፋለች፤ ከፊቷ ካለፈች ደግሞ ትቀንሳለች። የመጀመሪያው ጥቅሙ ግልጽ ነው። ወደ ሩቅ ቦታ የሚሄድ ሰው ፍጥነት መቀነስ ምን ያደርግለታል? የገዴራው ልጅ ጥያቄ ቁልፉ እዚህ ነው።

የኦገስት 2024 ሁለት ሌሊቶች

በእኛ ሰዓት ኦገስት 20 ቀን 2024፣ እኩለ ሌሊት ካለፈ ከሩብ ሰዓት በኋላ፣ ጁስ በጨረቃ አጠገብ አለፈች። ከጨረቃ ገጽ የነበራት ርቀት 700 ኪሎሜትር ያህል ነበር። ጨረቃ በሰከንድ 0.9 ኪሎሜትር ፍጥነት ጨመረችላት፤ መንገዷንም ወደ ምድር አቀናችላት። በማግስቱ ሌሊት፣ አንድ ሰዓት ሊሆን ትንሽ ደቂቃ ሲቀረው ከእኩለ ሌሊት በኋላ፣ ከምድር 6,840 ኪሎሜትር ርቀት ላይ ከደቡብ ምሥራቅ እስያና ከፓስፊክ ውቅያኖስ በላይ አለፈች። ምድር ደግሞ በሰከንድ 4.8 ኪሎሜትር ቀነሰችባት። ሁለቱ ተደምረው መንገዷን 100 ዲግሪ አዞሩት። ጨረቃንና ምድርን በአንድ ቀን ልዩነት በዚህ መንገድ ተከታትሎ የተጠቀመ መንኮራኩር ከዚያ በፊት አልነበረም።

ፍጥነቷ የቀነሰው በስህተት አይደለም። ፍጥነት የቀነሰ ነገር ወደ ፀሐይ በኩል ይወድቃል ብለናል። ጁስም ወደ ውስጥ ወደቀች፤ በዚያ የምትጠብቃት ቬኑስ ነበረች። ኦገስት 31 ቀን 2025 ጠዋት ከቬኑስ 5,000 ኪሎሜትር ያህል ርቃ አለፈች።

ግን ለምን ቬኑስ? ምድርን ብቻ ደጋግማ ብትጎበኝ ምን ይጎድላት ነበር? ወደ ባቡሩ እንመለስ። ሰውየው በባቡሩ ውስጥ የሚራመደው 5 ከሆነ የሚያተርፈው ከ10 አይበልጥም፤ መቶ ጊዜ ቢዞርም ያው ነው። የበለጠ ለማትረፍ በባቡሩ ውስጥ በፍጥነት መሮጥ አለበት። ያንን ሩጫ ደግሞ ያው ባቡር ሊሰጠው አይችልም። ከዚያ ወርዶ ሌላ ባቡር መያዝ፣ በዚያኛው መጠምዘዝና በአዲስ ፍጥነት ወደ መጀመሪያው መመለስ አለበት። ቬኑስ ሁለተኛዋ ባቡር ናት። ቬኑስ መንገዷን ከለወጠችላት በኋላ ጁስ የምድርን መንገድ የምታቋርጠው ከበፊቱ በበለጠ ፍጥነት ነው። ስለዚህ ምድር በሴፕቴምበር 2026 ስታገኛት የምትሰጣት ስጦታ ትልቅ ይሆናል፤ ያም ወደ ውጭ ይለጥጣትና ትመለሳለች። በጃንዋሪ 2029 ምድር ለመጨረሻ ጊዜ ታጥፋትና ወደ ጁፒተር ትሸኛታለች። የምትደርሰው በጁላይ 2031 ነው።

ሁለት ዓመት ከዘጠኝ ወር ይፈጅ የነበረው መንገድ ስምንት ዓመት ሆነ። በነዳጅ ያልከፈለችውን በጊዜ ከፈለች። የዚህ መንገድ ዋጋው ይኸው ነው።

ሲበላሽ ምን ይሆናል?

በዚህ ዓይነት ጉዞ ትንሽ ስህተት ትንሽ ሆና አትቀርም። ፕላኔቷ አጠገብ ስትደርስ በጥቂት ኪሎሜትር ቀርባ ወይም ርቃ ብታልፍ የምትታጠፍበት ማዕዘን ይለወጣል፤ ያ ልዩነት ከወራት በኋላ በሚሊዮን ኪሎሜትር ይቆጠራል። ስለዚህ መሐንዲሶቹ ከማለፏ በፊት ባሉት ሳምንታት የሬዲዮ ድምጿን እየለኩ ያለችበትን ቦታ ይከታተላሉ። አምቡላንስ ሲቀርበን ድምፁ ይቀጥናል፣ ሲርቀን ይወፍራል አይደል? የሬዲዮ ሞገዷም እንዲሁ ስለሚለወጥ ፍጥነቷን ከዚያ ያነባሉ። መስመር ከሳተች በአነስተኛ ሞተር ትንሽ ገፋ አድርገው ያስተካክሏታል። በኦገስት 2024 ማለፊያው በትክክል ስለተከናወነ ከ100 እስከ 150 ኪሎ ነዳጅ ተርፏታል።

ከሁሉ የሚያስፈራው ግን ድምጿ ሲጠፋ ነው። ቬኑስ ጋ ልትደርስ ስድስት ሳምንት ሲቀራት፣ ጁላይ 16 ቀን 2025፣ መንኮራኩሯ ከምድር ጋር መገናኘት አቆመች። በዚያን ጊዜ ከእኛ ወደ 200 ሚሊዮን ኪሎሜትር ርቃ ነበር። የተላከላት ትእዛዝ እስኪደርስ 11 ደቂቃ፣ መልሱ እስኪመጣ ሌላ 11 ደቂቃ ይፈጃል። መሐንዲሶቹ ወደ 20 ሰዓት ያህል በጭፍን ትእዛዝ ሲልኩ ቆይተው አንዱ ሠራና መንኮራኩሯ መለሰች። ምክንያቱ ሲጣራ አንድ የሰዓት ቆጣሪ ነው። ይህ ቆጣሪ በየ16 ወሩ ወደ ዜሮ ይመለሳል፤ በዚያች ቅጽበት የሬዲዮ ማጉያውን የሚያበራው ትእዛዝ ከተገጣጠመ ማጉያው ጠፍቶ ይቀራል። የተገጣጠመውም ያኔ ነበር። ቬኑስ ቀጠሮ አታራዝምም። ግንኙነቱ በጊዜ ባይገኝ ኖሮ ጉዞው ሁሉ አደጋ ላይ ይወድቅ ነበር።

ቬኑስ ሌላም ችግር አላት፤ ለፀሐይ ቅርብ ናት። ለጁፒተር ብርድ የተሠራች መንኮራኩር እዚያ ትቃጠላለች። ስለዚህ ትልቁን ክብ አንቴናዋን ወደ ፀሐይ አዙረው እንደ ጃንጥላ ተጠቀሙበት።

ስበት የማይሰጠው ነገር

እዚህ አገር ስለ ስበት ስናወራ በሬሺትን ሳናነሳ አናልፍም። በፌብሩዋሪ 22 ቀን 2019 በእኛ ሰዓት የተነሳችው የእስራኤል መንኮራኩር በሌላ ሮኬት ላይ ተደርባ ስለወጣች በቀጥታ ወደ ጨረቃ የሚያደርስ አቅም አልነበራትም። ስለዚህ ምድርን በሞላላ መንገድ ደጋግማ ዞረች። በተመረጡ ዙሮች ወደ ምድር ስትቀርብ፣ ፍጥነቷ ከፍተኛ በሆነበት ቦታ፣ ሞተሯን ለአጭር ጊዜ ታስነሳለች፤ የሞላላው ሌላኛው ጫፍም እየራቀ ሄዶ እስከ ጨረቃ ደረሰ። በኤፕሪል 4 የጨረቃ ስበት ያዛት። ይህ ሁሉ በጥሩ ሁኔታ ሠራ።

ኤፕሪል 11 ቀን ማታ ግን ብዙዎቻችን ቴሌቪዥን ፊት ተቀምጠን ስናይ፣ በመውረድ ላይ እያለች አንድ የመለኪያ መሣሪያ ተስተጓጎለ፣ ዋናው ሞተርም ቆመ። ሞተሩ እንደገና ሲነሳ ጊዜው አልፎ ነበር፤ ጨረቃ ላይ ወድቃ ተከሰከሰች። ጨረቃ አየር ስለሌላት በዣንጥላ መውረድ አይቻልም፤ ፍሬኑ ሞተሩ ብቻ ነው። ስበት ሩቅ ቦታ ያደርሳል፣ መቆም ግን የራስ ሥራ ነው።

ጁስም በ2031 ጁፒተር ስትደርስ ሞተሯን አስነስታ ፍጥነቷን መቀነስ አለባት፤ ካልቻለች አልፋ ትሄዳለች። በመንገድ ላይ ስንቅ እየለመነች የራሷን ነዳጅ የቆጠበችው በአብዛኛው ለዚያ ቀንና ከዚያ በኋላ ለሚመጣው ሥራ ነው። ጁፒተር ከደረሰች በኋላም ዘዴውን አትተውም። አውሮፓ፣ ጋኒሜድና ካሊስቶ በሚባሉት ጨረቃዎች አጠገብ 35 ጊዜ እያለፈች በስበታቸው መንገዷን ትለዋውጣለች፤ በዲሴምበር 2034 ጋኒሜድን መዞር ትጀምራለች።

ስለዚህ የገዴራዋ እናት ለልጅዎ እንዲህ ይበሉት፦ መንኮራኩሯ አልጠፋችም። ቀጥታውን መንገድ የምትሄድበት ስንቅ ስላልነበራት ከምድርና ከቬኑስ ሩጫ እየተበደረች ነው። በሴፕቴምበር 2026 ወደ ምድር ስትመጣም «ተመለሰች» አይበል፤ ልትበደር መጣች ይበል።

እስከዚያው ባቡር ስትሳፈሩ አንድ ጊዜ ወደ ኋላ፣ አንድ ጊዜ ወደ ፊት ተራመዱ፤ መድረኩ ላይ የቆመው ሰው ፍጥነታችሁን ስንት እንደሚያይ ልጆቹ ያስሉ። ያገኙትን ውጤት በስልክ መስመራችን ንገሩኝ፤ እንደ ድሮዬ አርማለሁ። በሰላም ቆዩን።